ሰርቨሩ እንዳለ ወደ ክላውድ ሲሄድ

አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ መካከለኛ ድርጅቶች ሰርቨር የሚባለው በሂሳብ ክፍሉ ጥግ ከዩፒኤስ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ማሽን ነው። በውስጡ ያረጀ ዊንዶውስ፣ በዊንዶውሱ ላይ ደግሞ ፒችትሪ ይሠራል። ይህ የሂሳብ ሶፍትዌር ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም የሥራ ማስታወቂያዎች ዛሬም የሚጠሩት በቀድሞ ስሙ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ዩፒኤሱ ይጮኻል፤ ዲስኩም ዕድሜው እየገፋ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ «ለምን ክላውድ ላይ አናደርገውም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለዚህ ጥያቄ ፈጣኑ መልስ በሙያው ሊፍት ኤንድ ሺፍት የሚባለው ዘዴ ነው። ሶፍትዌሩ እንደገና አይጻፍም፣ ዳታቤዙም አይቀየርም። የሰርቨሩ ዲስክ ከነዊንዶውሱ፣ ከነፕሮግራሙና ከነፋይሉ ይቀዳና በክላውድ አቅራቢው ማዕከል ውስጥ ባለ ምናባዊ ማሽን ላይ ይነሳል። ሰርቨሩ ራሱ ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ነው፤ አድራሻው ሌላ ነው፣ ከጀርባው የተሰካ ኬብል የለም፣ ከተጠቃሚዎቹም በሺዎች የሚቆጠሩ ኪሎሜትሮች ሊርቅ ይችላል። ዝውውሩን የሚያበላሸውም በአብዛኛው የቅጂው ሥራ ሳይሆን ይህ የዙሪያ ለውጥ ነው።

ነገሩን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 12 ሠራተኞች በፒችትሪ የሚሠሩበት አስመጪ ድርጅት አለ እንበል። ሰርቨሩ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ነው፤ ዲስኩ ላይ 600 ጊጋባይት ዳታ አለ፤ የቢሮው የኢንተርኔት መስመር ወደ ውጭ የሚልከው በሰከንድ 20 ሜጋቢት ነው። ክላውዱ ደግሞ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2020 በኬፕታውን የከፈተው ማዕከል ይሁን።

ሥራው የሚጀምረው በቆጠራ ነው። የአይቲ ባለሙያው ሰርቨሩ ስንት ፕሮሰሰርና ስንት ጊጋባይት ሜሞሪ እንዳለው መመዝገቡ ብቻ አይበቃም፤ ከዚያ ውስጥ በእርግጥ የሚጠቀመውን መለካት አለበት። ሲገዛ 64 ጊጋባይት ሜሞሪ የተገጠመለት ማሽን ሥራ በበዛበት ሰዓት እንኳ 14 ብቻ ሊጠቀም ይችላል። በቢሮ ውስጥ ትርፉ ሜሞሪ ማንንም አይጎዳም። ክላውድ ላይ ግን ኪራዩ የሚታሰበው በማሽኑ መጠን ነው፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ልኬቱ ቢያንስ አንድ ወር መውሰድ አለበት፤ ደመወዝ የሚሠራበትና ሂሳብ የሚዘጋበት የወር መጨረሻ ካልተካተተበት የሰርቨሩ እውነተኛ ጫና አይታይም።

በቆጠራው ላይ የሚረሱ ነገሮች አሉ። አንዳንድ ሶፍትዌር ፈቃዱን የሚያረጋግጠው ከሰርቨሩ ጀርባ በተሰካ ትንሽ የዩኤስቢ ቁልፍ ነው፤ ክላውድ ላይ ያንን ቁልፍ የሚሰኩበት ቀዳዳ የለም። ሌላው ደግሞ ፈቃዱን ከኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር ጋር ያስራል፤ አዲሱ ምናባዊ ማሽን ሌላ ቁጥር ስላለው ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ቀን አልከፈትም ይላል። ይህ ከሻጩ ጋር ደብዳቤ መጻጻፍን ስለሚጠይቅ መታወቅ ያለበት ከሳምንታት በፊት ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ሰርቨሩ ከማን ጋር ይነጋገራል የሚል ነው። ባለሙያው ሠራተኞቹን ቢጠይቅ የሚነግሩት በየዕለቱ የሚያዩትን ብቻ ነው። ሰርቨሩን ራሱን መጠየቅ ይሻላል፦

```
netstat -ano | findstr ESTABLISHED
```

ይህ ትእዛዝ በዚያች ቅጽበት ክፍት የሆኑትን ግንኙነቶች፣ የእያንዳንዱን አድራሻና የበር ቁጥር፣ ከጀርባው ያለውንም ፕሮግራም መለያ ይዘረዝራል። ቅጽበታዊ ስለሆነ ግን አንድ ጊዜ ማየት ዋጋ የለውም። በየጥቂት ደቂቃው እየሠራ ውጤቱን ፋይል ላይ እንዲያከማች ይደረጋል፤ ይህም እንደ ልኬቱ አንድ ሙሉ ወር ይቆያል።

በምሳሌያችን ድርጅት የወሩ መዝገብ ሦስት ነገር ያወጣል። የመጀመሪያው የሚጠበቀው ነው፤ 12ቱ ኮምፒውተሮች የፒችትሪ ዳታቤዝ በሚጠቀምበት 3351 በተባለው በር ይገናኛሉ። ሁለተኛው የፎቅ ላይ ስካነር ነው፤ የተቃኙ ደረሰኞችን 192.168.1.10 ወደተባለው የሰርቨሩ አድራሻ ይልካል፤ ቁጥሩ የተጻፈው በስካነሩ ውስጥ በእጅ ነው። ሦስተኛው ማንም ያላሰበው ነው። ሰርቨሩ በወር አንድ ጊዜ፣ ደመወዝ ሊሠራ ሲል፣ በር ላይ ካለው የጣት አሻራ ማሽን የሠራተኞችን የመግቢያ ሰዓት ይቀዳል። ሰርቨሩ ኬፕታውን ከሄደ የቢሮውን የውስጥ አድራሻ ማግኘት ስለማይችል በቢሮውና በክላውዱ መካከል ቪፒኤን ካልተዘረጋ ደመወዝ ያለ መግቢያ ሰዓት ይቀራል። መዝገቡ ለአንድ ሳምንት ብቻ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ይህ የሚታወቀው ከዝውውሩ በኋላ፣ ሠራተኛው ደመወዝ በሚጠብቅበት ቀን ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጀመሪያው፣ ማለትም ሁሉም የሚያውቀው ግንኙነት ነው። ፒችትሪ የተሠራው ሰርቨሩና ተጠቃሚው አንድ ቢሮ ውስጥ እንዲሆኑ ታስቦ ነው። አንድ ሪፖርት ሲከፈት በተጠቃሚው ኮምፒውተርና በሰርቨሩ መካከል እጅግ ብዙ ትንንሽ ጥያቄና መልስ ይመላለሳል። ለስሌት ያህል ምልልሱ 3,000 ነው እንበል። በቢሮው ኔትወርክ አንዱ ምልልስ አንድ ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ሪፖርቱ በ3 ሰከንድ ይከፈታል። በሩቅ ክላውድ አንዱ ምልልስ 100 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ያው ሪፖርት 300 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ደቂቃ ይወስዳል። የኢንተርኔት መስመሩን ወደ 100 ሜጋቢት ማሳደግም ይህን አይፈታውም፤ ችግሩ የሚጓዘው ዳታ መብዛት ሳይሆን የጉዞው ርዝመት ነው።

መፍትሔው ለፒችትሪ ተጠቃሚው ከሰርቨሩ አጠገብ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ፕሮግራሙ ክላውድ ላይ፣ ከዳታቤዙ ጎን ይከፈታል፤ ሠራተኞቹ በሪሞት ዴስክቶፕ ይገባሉ፤ በኢንተርኔቱ የሚመላለሰው የስክሪን ምስል፣ የማውስና የቁልፍ ምት ብቻ ይሆናል። ይህ ግን ሁለት ነገር ያስከትላል። ዊንዶውስ ሰርቨር ያለ ተጨማሪ ፈቃድ የሚያስገባው ለአስተዳደር ሥራ ሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ለ12ቱ ሠራተኞች ፈቃድ መገዛት አለበት። የሪሞት ዴስክቶፕ በርንም ለኢንተርኔት ሁሉ ክፍት መተው ሰርጎ ገቦችን መጋበዝ ስለሆነ መግቢያው በቪፒኤን በኩል መሆን አለበት። ከዚህ ሌላ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር የሂሳብ ክፍሉ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ከሌላ ኩባንያ ሁለተኛ መስመር፣ ለምሳሌ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን የሳፋሪኮም፣ የዕቅዱ አካል ይሆናል። አንዳንድ ድርጅት ይህን ሁሉ ካሰላ በኋላ እዚሁ አገር ውስጥ ያለ ክላውድ ይሻለኛል ሊል ይችላል።

ትስስሩ ከታወቀ በኋላ ቅጂው ይጀመራል። 600 ጊጋባይት በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመላክ መስመሩ ሳይቆራረጥና ሌላ ሰው ሳይጠቀምበት እንኳ 67 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ድርጅቱን ለሦስት ቀን መዝጋት ስለማይቻል ዲስኩን እየተከታተለ የሚቀዳ ትንሽ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ይጫናል። የአማዞን የማዛወሪያ አገልግሎት የሚሠራው እንዲህ ነው። ሠራተኛው እንደወትሮው ሲሠራ ፕሮግራሙ ከጀርባ ዲስኩን ይልካል፤ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ የተለወጠውን ብቻ እየለየ ይልካል። በቀን 6 ጊጋባይት ቢለወጥ ይህን ለመላክ በዚያው መስመር 40 ደቂቃ ይበቃል። ባለሙያው የሚከታተለው አንድ ምልክት አለ፤ አገልግሎቱ ገና ያልተላከ ብሎ የሚያሳየው ዳታ በየቀኑ እየጨመረ ከሄደ መስመሩ ለውጡን መከተል አቅቶታል ማለት ነው፤ የመዛወሪያውም ቀን መቆረጥ የለበትም።

ከዚያ በፊት ሙከራ አለ። ከቅጂው አንድ የሙከራ ማሽን ይነሳል፤ ከእውነተኛው ኔትወርክ ተለይቶ ብቻውን መሆን አለበት፤ አለዚያ ሙከራው ለደንበኛ እውነተኛ ኢሜይል ሊልክ ይችላል። ፈታኙም የአይቲ ባለሙያው ሳይሆን የሂሳብ ሠራተኛው ነው። ትሪያል ባላንስ ያወጣል፣ ደረሰኝ ያትማል፤ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን 12ቱም በአንድ ጊዜ ይገባሉ። በእንግሊዝ ቲኤስቢ የተባለው ባንክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የደንበኞቹን ዳታ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያዛውር ዳታው በሰላም ደርሶ ነበር፤ የተሰናከለው ተቀባዩ ሥርዓት ነው። በኋላ የወጣው የነጻ መርማሪዎች ሪፖርት እንዳሳየው ጎን ለጎን መሥራት ከነበረባቸው ሁለት የዳታ ማዕከላት የጫና ሙከራ የተደረገው በአንዱ ብቻ ነበር። ብዙ ደንበኞች ገንዘባቸውን ማየት ሳይችሉ ቀሩ፤ ባንኩም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። የቲኤስቢ ዝውውር ከሊፍት ኤንድ ሺፍት እጅግ የሰፋ ነበር፤ ዳታው መድረሱ ሥርዓቱ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ግን ለትንሹም ድርጅት ያሳያል።

የመዛወሪያው ቀን ሲመረጥ የበጀት ዓመት የሚዘጋባቸው ሰኔና ሐምሌ ይዘለላሉ፤ የወር መጨረሻም እንዲሁ። ምሳሌያዊው ድርጅት ከወር አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ይመርጣል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሰርቨሩ በስም የሚጠራ ከሆነ፣ ኮምፒውተሮች የድሮውን አድራሻ ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ በዲኤንኤስ ላይ ወደ 5 ደቂቃ ዝቅ ይደረጋል። ይህ በዕለቱ ቢደረግ አይጠቅምም፤ የቀድሞው ረጅም ጊዜ እስኪያልቅ ኮምፒውተሮቹ የድሮውን ይዘው ይቆያሉ።

ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሠራተኞች ሁሉ ከፒችትሪ ይወጣሉ። ከድሮው ሰርቨር ትሪያል ባላንስ ይታተማል፤ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥርም ይጻፋል። የመጨረሻው ለውጥ ተልኮ ሲያልቅ የድሮው ሰርቨር ከኔትወርክ ይነቀላል፤ አዲሱ ይነሳል፤ ከእሱም ትሪያል ባላንስ ይታተምና ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። ስካነሩ አዲሱን አድራሻ ይይዛል፤ የጣት አሻራ ማሽኑ በቪፒኤን በኩል ይሞከራል። እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት የውሳኔ ሰዓት ነው። እስከዚያ ያልተፈታ ችግር ካለ አዲሱ ይዘጋል፣ የድሮው ይሰካል፣ ሰኞ ሥራ እንደወትሮው ይጀመራል። ውሳኔው እሑድ የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ደረሰኝ በአዲሱ ሰርቨር ላይ ከተመዘገበ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ማለት ያንን ደረሰኝ ማጣት ወይም በእጅ እንደገና መመዝገብ ነው።

የድሮው ማሽን ቢያንስ አንድ የወር መዝጊያ እስኪያልፍ ዲስኩ ሳይነካ፣ ኬብሉ እንደተነቀለ ይቀመጣል። አንድ ሰው ከኔትወርክ ጋር መልሶ ቢያገናኘው ግማሹ ሠራተኛ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ላይ ሊመዘግብ ይችላል፤ እንዲህ የተከፈለ ሂሳብ ለማስታረቅ ሳምንታት ይወስዳል።

የተዛወረው ሰርቨር አዲስ ቤት ቢገባም ዊንዶውሱ ያው 2012 አር2 ነው። ማይክሮሶፍት ለእሱ የሚሰጠው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2023 አብቅቷል፤ በክፍያ የሚራዘመውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2026 ያበቃል። ስለዚህ የድርጅቱ ዕቅድ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀን የተቆረጠለት አንድ ሥራ ይቀራል፤ ፒችትሪውን አዲስ ዊንዶውስ ወዳለው ሌላ ምናባዊ ማሽን ማሻገር።