«ጎድሏል መባሉን ሰምተናል»፦ የሃይማኖት ማኅበራት ስለ ገንዘብ ወሬ ለአባላት በሚጽፉት መልእክት ውስጥ የአማርኛ ግሥ ሚና

የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ጠባብ ነው። በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሥር የተቋቋመ ማኅበር ገንዘቡ ባክኗል የሚል ወሬ ሲነሣበት አመራሩ ለአባላቱ የሚያነበው አጭር መልእክት እንዴት ባለ አማርኛ ቢጻፍ ያረጋጋል? እንዴት ባለ አማርኛ ሲጻፍስ ወሬውን ያባብሳል? እንዲህ ያለው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ በድምፅ ይነበባል፤ በዚያው ቀንም በቴሌግራም ይሰራጫል። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ ይፈተናል፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ በማይችል አድማጭ፣ ቀጥሎም እያንዳንዱን ቃል ደጋግሞ በሚመረምር አንባቢ።

ከ1947 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለ ወሬ የሚጽፉ ሁሉ የሚያነሡት የጎርደን ኦልፖርትና የሊዮ ፖስትማን ሐሳብ አለ። የወሬ ጉልበት የሚወሰነው ጉዳዩ ለሰሚው ባለው ክብደትና መረጃው ባለው አሻሚነት ብዜት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ወሬው ይሞታል። ምእመኑ ከመቀነቱ ፈትቶ የሰጠው የስእለት ገንዘብ ክብደቱ ሊቀነስ አይችልም፤ እንዲቀነስ መሞከርም ስድብ ይሆናል። የመልእክቱ ጸሐፊ ሊነካው የሚችለው አሻሚነቱን ብቻ ነው። «አትረበሹ»፣ «ተረጋጉ»፣ «በጸሎት ትጉ» የሚሉት ትእዛዞች ግን የአሻሚነቱን መጠን ቅንጣት ያህል አይለውጡም። ከዚህ በታች የማሳየው፣ በአማርኛ አሻሚነትን የሚጨምሩትና የሚቀንሱት ነገሮች በአብዛኛው በግሡ ቅርጽ ላይ የሚገኙ መሆናቸውን ነው።

ለማብራሪያ አንድ ጉዳይ ራሴ አዘጋጅቻለሁ፤ ቁጥሮቹም የእኔ ናቸው። አንድ ማኅበር ለአዳራሹ ጣሪያ ማሠሪያ 612,000 ብር ሰበሰበ። በባንክ ያለው 547,000 ብር ነው። ልዩነቱ 65,000 ብር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 50,000 ብር ለሥራ ተቋራጩ በደረሰኝ በቅድሚያ ተከፍሏል። የቀረውን 15,000 ብር ለማጓጓዣና ለቀን ሠራተኛ እንዲያውሉት አንድ አባል ተረክበዋል፤ ደረሰኝ ግን እስካሁን አላስገቡም። የባንክ ደብተሩን ያየ ሰው «65,000 ብር ተበላ» ብሎ ለሌላው ነገረ፤ ወሬውም ደራ። አመራሩ በመጀመሪያው ቀን የሚጽፈው መልእክት ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«ሰሞኑን የማኅበራችንን አንድነት የማይወዱ አንዳንድ ግለሰቦች የማኅበሩን ገንዘብ መጉደል አስመልክቶ መሠረተ ቢስ አሉባልታ እየነዙ መሆኑን ደርሰንበታል። ከጣሪያው ማሠሪያ ገንዘብ ላይ በአመራሩ አባላት ተወስዶ ለግል ጥቅም የዋለ አንድም ብር የለም። ስለዚህ አባላት ሳትረበሹ በጸሎት እንድትተጉ እያሳሰብን፣ አስፈላጊው ማጣራት ተደርጎ ውጤቱ በቅርቡ የሚገለጽ ይሆናል።»

የመጀመሪያው ስሕተት «የገንዘብ መጉደል» በሚለው ሐረግ ውስጥ ተደብቋል። በአማርኛ ግሥ ወደ ዘርነት ሲለወጥና ባለቤቱ በአገናዛቢ ሲያያዝ፣ ድርጊቱ እንደ ተፈጸመ ተቆጥሮ ነው ንግግሩ የሚቀጥለው። «መሞቱን ሰማሁ» ያለ ሰው ሰውየው እንደ ሞተ ይቀበላል፤ «ሞቷል ሲባል ሰማሁ» ያለ ግን ነገሩን ለተናጋሪው ትቶታል። «የገንዘቡን መጉደል አስመልክቶ» ብሎ የሚጀምር መልእክትም የሚያስተባብለውን ነገር አስቀድሞ አምኗል ማለት ነው። «መሠረተ ቢስ» የሚለው ቅጽል ይህን እምነት አያነሣውም፤ የሚገልጸው አሉባልታውን እንጂ መጉደሉን አይደለምና። አባላቱ ይህን በሰዋስው ስም ባይጠሩትም ይሰሙታል። «መጉደሉንማ አልካዱም» የሚለው ከግቢው በር ላይ የሚሰማ አስተያየት የቋንቋ ዕውቀት ነው።

መፍትሔው ጥቅሱን በ«ተባለ» ማሰር ነው፤ «65,000 ብር ጎድሏል መባሉን ሰምተናል»። እዚህም ዘር የሆነ ግሥ አለ፤ ነገር ግን እንደ እውነት የተወሰደው መባሉ እንጂ መጉደሉ አይደለም። መባሉ ደግሞ በእርግጥ እውነት ነው። ጸሐፊው ምንም ሳይክድና ምንም ሳያምን የወሬውን መኖር ብቻ መዘገበ።

ሁለተኛው ችግር ከአማርኛ የቃላት ቅደም ተከተል የሚመነጭ ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ አፍራሹም መጨረሻ ላይ ይመጣል። «በአመራሩ አባላት ተወስዶ ለግል ጥቅም የዋለ አንድም ብር…» እስከሚለው ድረስ አድማጩ የሚሰማው ሙሉ ክስ ነው፤ «የለም» የሚለው አንድ ቃል ክሱን የሚያፈርሰው ከዚያ በኋላ ነው። የድምፅ ማጉያው ቢያስተጋባ፣ ሕፃን ቢያለቅስ፣ ወይም ሰው ወደ ጎረቤቱ ዞር ቢል የሚቀረው ክሱ ነው። በጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ነው፤ በጆሮ ለሚቀበል ግን የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት በራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ በድምፅ በሚነበብ መልእክት አፍራሽ ዐረፍተ ነገር ከአምስት ወይም ከስድስት ቃል ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ ከተቻለም አፍራሹን ትቶ ያለውን ነገር በአዎንታ መናገር ይሻላል። «አልጠፋም» ከማለት «በባንክ ያለው 547,000 ብር ነው» ማለት።

ሦስተኛው ጉዳይ የባለቤቱ መሰወር ነው። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ልብ ብሎ ላየው፣ «እያሳሰብን» በሚለው ላይ «እኛ» አለ፤ ወዲያው ግን «ማጣራት ተደርጎ… የሚገለጽ ይሆናል» ሲል «እኛ» ይጠፋል። አመራሩ ሲያሳስብ በስሙ ይናገራል፤ ኃላፊነት የሚያስከትለው ቃል ኪዳን ላይ ሲደርስ ግን በተደራጊ ግሥ ውስጥ ይሸሸጋል። የመሥሪያ ቤት አማርኛ ይህን አጻጻፍ ስላለመደን ጸሐፊው ክፉ ሐሳብ ላይኖረው ይችላል። ሆኖም ሰሚው ማን እንደሚያጣራና መቼ እንደሚገለጽ ካልተነገረው፣ ኦልፖርትና ፖስትማን አሻሚነት ያሉት ነገር እንዳለ ቆየ ማለት ነው። «በቅርቡ» የሚለው ቃልማ በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ የጊዜ ተውሳከ ግሥ መሆኑን ያቆመ ይመስለኛል።

ወሬውን ምን ብሎ መጥራት እንደሚገባ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ሐሜት» ጠያቂውን ኃጢአተኛ ያደርገዋል፤ ንስሐ አባቱ ፊት የሚናዘዘው ነገር እንጂ መልስ የሚያሻው ጥያቄ አይሆንም። «አሉባልታ» ጠያቂውን ውሸታም ያደርገዋል። «ጭምጭምታ» ቀለል ይላል። እኔ ግን በቁጥር የተነሣን ነገር «ጥያቄ» ማለትን አስበልጣለሁ፤ ጥያቄ መልስ ይጠብቃል፤ ጠያቂውንም ከማኅበሩ አያስወጣውም። ከሁሉ የከፋው «አንድነታችንን የማይወዱ ግለሰቦች» የሚለው ነው፤ የባንክ ደብተሩን አይቶ የደነገጠው ቅን አባል ራሱን ከእነዚያ ውስጥ ያገኘዋልና።

እንግዲህ ያው መልእክት እንደገና ቢጻፍ፦

«ለጣሪያው ማሠሪያ ከሰበሰብነው 612,000 ብር ውስጥ 65,000 ብር ጎድሏል መባሉን ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ በባንክ ያለን 547,000 ብር ነው። 50,000 ብር ለሥራ ተቋራጩ በቅድሚያ ከፍለናል፤ ደረሰኙ በገንዘብ ያዣችን እጅ አለ። 15,000 ብር ለማጓጓዣና ለቀን ሠራተኛ ሰጥተናል፤ የዚህ ደረሰኝ ገና አልቀረበልንም። የቁጥጥር ክፍሉ መዝገቡንና ደረሰኞቹን እስከ ሚያዝያ 25 ይመረምራል። ያገኘውንም በግንቦት የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናነብላችኋለን። እስከዚያው ደረሰኞቹን ማየት የሚፈልግ አባል እሑድ እሑድ ገንዘብ ያዣችንን መጠየቅ ይችላል።»

የዚህ መልእክት ፈተና 15,000 ብሩ ነው። ብዙ አመራሮች 50,000 ብሩን ነግረው ይህን በዝምታ ማለፍ ይመርጣሉ፤ «አንድም ብር አልጠፋም» የሚለው ቃልም ይጣፍጣቸዋል። ነገር ግን ይህ ቃል ፈጽሞ የማያፈናፍን ነው። ከወር በኋላ ቁጥጥሩ 800 ብር ያለ ደረሰኝ ቢያገኝ እንኳ ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት ይሆናል፤ ከእርሱም ጋር የ50,000 ብሩ እውነተኛ ደረሰኝ አብሮ ይጠረጠራል።

«አልቀረበልንም» የሚለውን የመረጥኩት በምክንያት ነው። «አላቀረቡም» ቢባል ግሡ ባለቤት ስላለው አድማጩ ሰው ፍለጋ ይሄዳል፤ ስሙ ባይጠራም በትንሽ ማኅበር ውስጥ ማን እንደሆነ በአንድ ቀን ይታወቃል። «ጎደለብን» ቢባል ደግሞ «ብ» የተባለችው ቅጥያ አመራሩን ተጎጂ ታደርገዋለች፤ ገንዘቡን ራሱ የሰጠ አመራር ተጎጂ ነኝ ሲል አባላቱ ብልጠት አድርገው ይሰሙታል። በ«አልቀረበልንም» ውስጥ ያለችው «ል» ግን መቅረብ የሚገባው ነገር ለእኛ እንደሆነና እኛም ተቀባይነታችንን እንዳልተውን ታመለክታለች። ግሡ አቅራቢውን ባይጠራም ኃላፊነቱ ከአመራሩ አልሸሸም፤ ከፊቱ «ሰጥተናል» የሚል የአንደኛ መደብ ግሥ አለና። አድራጊውን የማይጠራ ግሥ ሁልጊዜ መሸሸጊያ አይደለም፤ እዚህ ላይ ያልተፈረደበትን ሰው የሚጠብቅ ነው።

በሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ ለዚህ ገንዘብ ትክክለኛ ቃል አለ፤ «ያልተወራረደ»። ቃሉ ገንዘቡ ለሥራ ወጥቶ በማስረጃ ያልተዘጋ መሆኑን ብቻ ስለሚናገር በ«ጎደለ»ና በ«ተበላ» መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሞላል። ሆኖም ቢሮ ያልሠራ አባል ላይገባው ይችላል፤ ያልገባ ቃል ደግሞ መሸፈኛ ይመስላል። በቁጥጥር ክፍሉ ሪፖርት ውስጥ ቢገባ ይሻላል፤ በዐውደ ምሕረት ግን «ደረሰኙ ገና አልቀረበልንም» ይበቃል።

ከመልእክቱ ውጭ፣ በስብሰባ ላይ አመራሩ በቃል ሲመልስ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ገንዘቡን የተረከቡት ሰው እስከ ትናንት «እሳቸው» ነበሩ። ሊቀ መንበሩ በንዴት «እሱ ነው የሚያውቀው» ቢል፣ ምርመራው ሳይጀመር ተሰብሳቢው ፍርድ ሰምቷል። የአክብሮት መደቡ መውደቅ በአማርኛ ከማንኛውም ቅጽል በላይ ይናገራል፤ በቃለ ጉባኤ ላይ ግን አይመዘገብም። በድምፅ የተቀዳ ስብሰባ ለሚመረምር ባልደረባ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እንዲከታተል እመክራለሁ፤ የአክብሮት ቅጥያው የተለወጠበት ደቂቃና ጉባኤው የተከፈለበት ደቂቃ ተቀራራቢ ሆነው ይገኛሉ ብዬ እጠብቃለሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አመራሩ የሚናገረው ቁጥርና የሚያሳየው ደረሰኝ ሲኖረው ነው። ቁጥጥሩ 15,000 ብሩ በእርግጥ ለግል መዋሉን ካረጋገጠ፣ የግንቦቱ መልእክት «አልቀረበልንም» እያለ ሊቀጥል አይችልም። ያኔ «ደረሰኝ እንደሌለ ቁጥጥሩ አረጋግጧል፤ ገንዘቡን የተረከቡት አባል እንዲመልሱ ጠይቀናል» ብሎ ባለቤት ያለው ግሥ መጠቀም ግዴታ ይሆናል፤ «እንዲመልሱ» የሚለው የአክብሮት ቅርጽ ግን በዚያን ጊዜም ባይነካ ይሻላል፤ ገንዘቡ ገና አልተመለሰምና።