ትንሹን ቁጥር የማይጥለው ስሌት፦ የከፍተኛ ብዜት ንዑስ ድርድር

በአንድ ረድፍ ከተቀመጡ ቁጥሮች መካከል፣ ሳይቆራረጡ የሚከታተሉት የትኞቹ ቢባዙ ትልቁ ውጤት እንደሚገኝ የሚጠይቀው ችግር የከፍተኛ ብዜት ንዑስ ድርድር ይባላል። ረድፉ በፕሮግራም አዘጋጆች ዘንድ ድርድር ሲባል፣ ንዑስ ድርድር ደግሞ ከዚያ ውስጥ አንድም አባል ሳይዘለል የተወሰደና ቢያንስ አንድ ቁጥር ያለው ቁራጭ ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ ከዜሮ የሚበልጡ ሙሉ ቁጥሮች ቢሆኑ መላው ድርድር ራሱ መልስ ስለሚሆን የሚፈለግ ነገር ባልኖረ ነበር፤ ችግሩ የሚጀምረው አሉታዊ ቁጥርና ዜሮ ሲገቡ ነው።

የዚህ ችግር ታላቅ ወንድም ብዜትን ሳይሆን ድምርን የሚመለከተው ነው። ኡልፍ ግሬናንደር በ1977 እ.ኤ.አ. ያነሣውን የከፍተኛ ድምር ጥያቄ ጄይ ካዴን ድርድሩን አንድ ጊዜ ብቻ በማለፍ የሚፈታበትን መንገድ አገኘ፤ ጆን ቤንትሊም በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አማካይነት ዘዴው በሰፊው ታወቀ። የካዴን ሐሳብ እስካሁን የተጠራቀመው ድምር ከዜሮ በታች ከወረደ ወደ ፊት ሊጠቅም ስለማይችል ይጣል የሚል ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህንኑ ዘዴ ወስደው የመደመር ምልክቱን በማባዣ ምልክት ብቻ በመተካት ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ይህ ግን ዘዴው የቆመበትን ምክንያት ሳይመረምሩ መልኩን ብቻ መቅዳት ነው። በድምር ዘንድ ዕዳ የሆነ አሉታዊ ቁጥር በብዜት ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ሀብት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ከዜሮ እጅግ ርቆ የወረደ ብዜት ሌላ አሉታዊ ቁጥር ባገኘ ቅጽበት ከሁሉ በላይ ይወጣል።

ስለዚህ ስሌቱ በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ቁጥሮችን ይዞ ይጓዛል፦ እዚያ ቦታ ላይ ከሚያበቁት ብዜቶች ሁሉ ትልቁን፣ `hi`፣ እና ትንሹን፣ `lo`። ሁለቱ ብቻ የሚበቁት እንዲሁ በዕድል አይደለም። አዲሱ ቁጥር `x` ሲመጣ በእርሱ የሚያበቃ ብዜት ሁሉ ወይ `x` ብቻውን ነው፣ ወይም ቀድሞ ባለው ቦታ ላይ ያበቃ አንድ ብዜት በ`x` ተባዝቶ የተገኘ ነው። የቀድሞዎቹ ብዜቶች ስንትም ቢሆኑ ሁሉም በ`lo` እና በ`hi` መካከል ይገኛሉ፤ `x` አዎንታዊ ከሆነ ቅደም ተከተላቸው እንዳለ ይቆያል፣ አሉታዊ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል፣ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ዜሮ ይሆናሉ። በሦስቱም ሁኔታ ዳር የነበሩት ከዳር አይወጡም፤ መካከል የነበረ ብዜት በአንድ እርምጃ ዘሎ ሊበልጣቸው አይችልም። በመሆኑም አዲሱን ትልቅና አዲሱን ትንሽ ለማግኘት `x`ን፣ `hi * x`ን እና `lo * x`ን ማወዳደር ይበቃል።

```python
hi = lo = best = a[0]
for x in a[1:]:
    c = (x, hi * x, lo * x)
    hi, lo = max(c), min(c)
    best = max(best, hi)
```

ድርድሩ `[2, -3, 4, -2, 0, -5, 3, -1]` ቢሆን ጉዞው እንደሚከተለው ይሆናል። በ2 ላይ ትልቁም ትንሹም 2 ነው። −3 ሲመጣ ትልቁ ወደ −3፣ ትንሹ ወደ −6 ይወርዳል፤ 4 ሲመጣ ትልቁ 4 ብቻውን ሲሆን፣ ትንሹ ግን −24 ይደርሳል። ካዴንን በጭፍን የሚከተል ሰው የሚጥለው ይህንን −24 ነው። ወዲያው −2 ሲመጣ −24 ተገልብጦ 48 ይሆናል፤ የድርድሩም መልስ ይኸው 48 ነው። 4 ብቻ በእጁ የቀረው ግን ከዚህ ቦታ −2 እና −8 ብቻ ያገኛል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው፣ ነገር ግን ብዙዎች በችኮላ የሚያልፉት ነጥብ የማሻሻያው ቅደም ተከተል ነው። ከላይ ባለው ኮድ ሦስቱ ዕጩዎች በ`c` የሚቀመጡት `hi` ከመለወጡ በፊት ነው። አንድ ሰው `hi`ን አስቀድሞ ቀይሮ `lo`ን በአዲሱ `hi` ቢያሰላ፣ ያው አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይባዛል። ስሕተቱን አደገኛ የሚያደርገው ለረጅም ጊዜ መደበቁ ነው። በዚያው ድርድር ላይ በስሕተት የተጻፈው ኮድ በ−3 እና በ4 ላይ ትክክለኛውን ትንሽ፣ −6 እና −24፣ ይሰጣል። በ−2 ላይ `hi` በትክክል 48 ይሆናል፤ `lo` ግን −8 መሆን ሲገባው 48 በ−2 ተባዝቶ −96 ይሆናል። ቀጥሎ ዜሮ ስለሚመጣ ሐሰተኛው −96 ይጠፋል፣ መልሱም 48 ሆኖ ይወጣል፤ ጸሐፊው ኮዱ ትክክል ነው ብሎ ይሄዳል። በዜሮው ቦታ −1 ተተክቶ `[2, -3, 4, -2, -1]` ቢሞከር ግን ኮዱ 96 ይመልሳል። 96ን የሚሰጥ አንድም ንዑስ ድርድር የለም፤ ቁጥሩ የተገኘው −2 ሁለት ጊዜ ስለተባዛ ነው። ትክክለኛው መልስ አሁንም 48 ነው። ከዚህም ሁለት አሉታዊ ቁጥሮች ጎን ለጎን የማይገኙበት መፈተኛ ይህን ስሕተት ላያጋልጥ እንደሚችል ይታያል።

ዜሮን በተመለከተ ድርድሩን በዜሮዎቹ ላይ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ማስላት ያስፈልጋል የሚል እምነት አለ፤ አያስፈልግም። በዜሮ ላይ `hi` እና `lo` ሁለቱም ዜሮ ይሆናሉ፣ ቀጥሎ በሚመጣው −5 ላይ `x` ብቻውን ዕጩ ስለሆነ `lo` −5 ሆኖ እንደገና ይነሣል፣ ከ3 እና ከ−1 በኋላም 15 ላይ ይደርሳል። ይልቁንም የሚቆራርጡት ሰዎች ዜሮ ራሱ መልስ ሊሆን እንደሚችል ይዘነጋሉ፤ በ`[-2, 0, -1]` ትልቁ ብዜት 0 ነው። በተቃራኒው `best`ን ከዜሮ የሚያስጀምሩ ሰዎች ለ`[-3]` 0 ይመልሳሉ፤ ትክክለኛው መልስ −3 ስለሆነ መነሻው ሁልጊዜ የድርድሩ የመጀመሪያ አባል መሆን አለበት።

አንዳንዶች `lo`ን ሳይዙ ከግራ ወደ ቀኝና ከቀኝ ወደ ግራ እያባዙ፣ ዜሮ ሲያገኙም እንደ አዲስ እየጀመሩ ትልቁን ይመርጣሉ። ለሙሉ ቁጥሮች ይህም መንገድ ትክክል ነው፤ ከዜሮ ውጭ ያለ ሙሉ ቁጥር ሲባዛ መጠንን አይቀንስምና። ክፍልፋይ ሲገባ ግን ይከሽፋል፦ በ`[0.1, 5, 0.1]` ከሁለቱም አቅጣጫ የሚገኘው ትልቁ 0.5 ሲሆን፣ ትክክለኛው መልስ 5 ነው። ትልቁንና ትንሹን አብሮ የሚይዘው ስሌት ግን በክፍልፋይም ላይ 5ን ያገኛል።

የቀረው ገደብ የቁጥር መጠን ነው። ባለ 64 ቢት ምልክት ያለው ሙሉ ቁጥር እስከ 9,223,372,036,854,775,807 ድረስ ስለሚይዝ ዐሥራ ስምንት 10ሮችን ማባዛት ይችላል፣ ዐሥራ ዘጠነኛውን ግን አይችልም። የመጨረሻው መልስ ትንሽ መሆኑም ዋስትና አይሆንም፤ መልሱ በልኩ ውስጥ እያለ `lo` ወደ ታች ከልክ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ምልክቱ ተገልብጦ ሐሰተኛ ትልቅ ቁጥር ሊፈጠር ይችላል። እንደ ፓይተን ያለ ቋንቋ ሙሉ ቁጥርን እንዳስፈላጊነቱ ስለሚያሰፋ ይህ አደጋ አያገኘውም፤ በሲ ወይም በጃቫ የሚጽፍ ሰው ግን ከ`hi` ይልቅ በመጀመሪያ የ`lo`ን ልክ ያረጋግጥ።