ሁለተኛ ቀጠሮን ያለ ሰበብ አለመቀበል

ከመጀመሪያው የቡና ቀጠሮ በኋላ መቀጠል ያልፈለገ ሰው፣ ሁለተኛው ጥያቄ እንደመጣ ቢመልስ ይሻላል። አጭር የቴሌግራም መልእክት ይበቃል፦ «ስለ ትናንቱ ቡና አመሰግናለሁ። በፍቅር ግንኙነት ግን መቀጠል አልፈልግም። መልካሙን ሁሉ እመኝልሃለሁ።» ምስጋናው ከልብ ካልሆነ ይቅር፤ መካከለኛው ዓረፍተ ነገር ግን አይቀርም። «ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል» ማለት ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቀጠሮ ይጋብዛል። እንደ መርጡለ ማርያም ባለ ትንሽ ከተማ ደግሞ ሰበብ ዕድሜው አጭር ነው፤ «ደብረ ማርቆስ ሄጃለሁ» ያለች ሴት በማግስቱ ገበያ ላይ ትታያለች። ዝም ማለትም አያዋጣም፤ ጠያቂው የጋራ ወዳጅ ይልካል፣ የሁለቱ ጉዳይም የሰፈር ወሬ ይሆናል። «ለምን?» ከተባለ «ስሜቱ አልመጣልኝም» በቂ ነው፤ ጉድለት መዘርዘር ክርክር ይከፍታል። ከዚያ ወዲያ ለሚመጣ ልመና መልስ አለመስጠት እንደ መጥፋት አይቆጠርም።