ሜቲማዞል ወይስ ፒቲዩ? የታይሮይድ መድኃኒት ምርጫና ጊዜው

ልብ ያለ ምክንያት ሲደልቅ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰው እየበላ ሲከሳ ሐኪሞች ከሚጠረጥሯቸው ነገሮች አንዱ የታይሮይድ ዕጢ ነው። አንገት ላይ ያለችው ይህች ዕጢ ሆርሞን ከልክ በላይ ስታመርት ሥራዋን የሚያቀዘቅዙ ሁለት ኪኒኖች አሉ፤ ሜቲማዞል፣ እንዲሁም በአጭሩ ፒቲዩ የሚባለው ፕሮፒልታዮዩራሲል። ካርቢማዞል ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሜቲማዞል ስለሚለወጥ፣ ስለ ሜቲማዞል የሚባለው ካርቢማዞል የሚወስዱትንም ይመለከታል።

ነፍሰ ጡር ላልሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ሜቲማዞል ነው። በቀን አንድ ጊዜ መውሰድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ፒቲዩ ግን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። ዋናው ምክንያት ግን ጉበት ነው። ፒቲዩ አልፎ አልፎ ጉበትን በድንገት ያቃጥላል፤ ሕይወታቸው ያለፈና ጉበት እስከ መቀየር የደረሱ ሰዎች አሉ። በዚህ የተነሳ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ላይ ከባዱን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አደረገ። ለልጆችም ሌላ አማራጭ ካልጠፋ በቀር አይመከርም። ሜቲማዞልም ጉበትን ሊነካ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሐሞት ፍሰትን የሚያግድ ዓይነት ነው፣ መድኃኒቱ ሲቆምም ይሻላል።

የጉበት ጉዳት ምልክቶች የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የሰውነት ማሳከክ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና በቀኝ በኩል ከጎድን በታች ሕመም ናቸው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ወደ ባህል መድኃኒት ሊወሰድ ይችላል። ከሁለቱ ኪኒኖች አንዱን የሚወስድ ሰው ግን ኪኒኑን አቁሞ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ መድረስና የጉበት ምርመራ ማድረግ አለበት።

ሁለተኛው አደጋ ሁለቱም መድኃኒቶች የሚጋሩት ነው። ከብዙ መቶ ታካሚዎች በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ፣ ኢንፌክሽን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች በድንገት ያልቃሉ። በብዛት የሚከሰተው ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ነው። ምልክቱ ተራ ይመስላል፤ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የአፍ ቁስል። ሰው ቶንሲል መስሎት ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ቤቱ ይተኛል፤ በዚህ መሃል ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሊዛመት ይችላል። ያለፈው ወር የደም ምርመራ ደህና ስለነበረ መዘናጋትም አይገባም፤ ሴሎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያሽቆለቁሉ ይችላሉ። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም በተሰማ ሰዓት ኪኒኑን ማቆምና የነጭ ደም ሴሎችን በየዓይነታቸው ማስቆጠር ያስፈልጋል። ቆጠራው ደህና ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያስቀጥላል። ሴሎቹ አልቀው ከተገኙ ግን ወደ ሌላኛው ኪኒን መሻገርም ያው አደጋ ስላለው፣ መፍትሔው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወይም ቀዶ ሕክምና ይሆናል።

እርግዝና ሲመጣ ምርጫው ይገለበጣል። ሜቲማዞል በተለይ ከ6ኛው እስከ 10ኛው የእርግዝና ሳምንት ከተወሰደ በአንዳንድ ፅንሶች ላይ ከባድ ጉድለት ያስከትላል፤ የራስ ቆዳ ሳይሟላ መቅረት፣ የአፍንጫ ወይም የምግብ ቧንቧ መደፈን፣ የሆድ ግድግዳ አለመዘጋት። ፒቲዩም ፍጹም ንጹሕ አይደለም፤ ከእሱ ጋር የተያያዙት ጉድለቶች ግን በአብዛኛው ቀለል ያሉ ናቸው።

ለምሳሌ በቀን 10 ሚሊግራም ሜቲማዞል የምትወስድ የ29 ዓመት ሴት እናስብ። የሐኪም አቆጣጠር ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ስለሚነሳ፣ የወር አበባዋ በቀረ ቀን እርግዝናው 4 ሳምንት ሞልቶታል። ከአደገኛው ጊዜ በፊት የቀራት ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፤ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ መጠበቅ አያዋጣትም። የእርግዝና ምርመራው «አለ» ባለ ዕለት ሐኪሟን ማግኘት አለባት። ሐኪሙ ወደ ፒቲዩ ከቀየራት፣ 1 ሚሊግራም ሜቲማዞል በ20 ሚሊግራም ፒቲዩ ስለሚሰላ በቀን 200 ሚሊግራም ይሆናል፤ ባለ 50 ሚሊግራም ኪኒን ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ማለት ነው። በሽታው ለረጅም ጊዜ ረግቶ ከቆየ መድኃኒቱን ጨርሶ ማቆምም ይቻላል፤ ያኔ ሆርሞኗ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይለካል። በራሷ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ፅንስ ማስወረድን፣ ያለጊዜ ምጥንና የልብ ድካምን ሊጠራ ይችላል።

መድኃኒቱ በእንግዴ ልጅ አልፎ የፅንሱንም ታይሮይድ ያዳክማል። ስለዚህ የሚሰጠው የሚበቃው ዝቅተኛ መጠን ነው፤ የእናቲቱ ሆርሞንም በጤነኛው ልክ የላይኛው ጫፍ አካባቢ እንዲቆይ ይደረጋል። ከ16ኛው ሳምንት በኋላ በፒቲዩ መቀጠል ወይም ወደ ሜቲማዞል መመለስ ከሐኪሟ ጋር የሚወሰን ነው። ከወለደች በኋላ ሜቲማዞል በቀን እስከ 20 ሚሊግራም እየወሰደች ማጥባት ትችላለች። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለማርገዝ ባሰበች ጊዜ፣ ገና የእርግዝና መከላከያዋን ሳታቆም፣ ይህን ምርጫ ከሐኪሟ ጋር መጨረሷ ነው።