ጥልቅ ወለል ባለው ቢሮ የቀን ብርሃን መጠንና የነጸብራቅ ቁጥጥር፦ በአብርሃ ጅራ የፀሐይ አቅጣጫ ላይ የተመሠረተ ስሌት

ብርሃን በሞላበት ቆላማ አካባቢ በሚገኝ ቢሮ ውስጥ በእኩለ ቀን መብራት በርቶ፣ መጋረጃ ተዘግቶ መታየቱ በመጀመሪያ እይታ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ሆኖም ሁለቱ ድርጊቶች ከአንድ ምክንያት የሚመነጩ ናቸው። በመስኮቱ አጠገብ የሚገባው ብርሃን ዓይንን ስለሚወጋ ሠራተኛው መጋረጃውን ይዘጋል፤ መጋረጃው ሲዘጋ ቀድሞውንም ደካማ የነበረው የመሐል ወለል ብርሃን ስለሚጠፋ መብራት ይበራል። እንደ አብርሃ ጅራ ባለ፣ በበጋው መገባደጃ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋበት ስፍራ የተዘጋ መጋረጃ ንፋስንም ያግዳል። ስለዚህ ነጸብራቅን የመቆጣጠር ጉዳይ ከአየር ዝውውር ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

ለማሳያ ያህል ከሰሜን እስከ ደቡብ 18 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በሁለቱ ረጃጅም ጎኖቹ መስኮት የተከፈተለት አንድ የቢሮ ወለል ይወሰድ። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ 0.9 ሜትር፣ የላይኛው ጠርዝ ደግሞ 2.4 ሜትር ላይ ነው እንበል። በንድፈ ባለሙያዎች ዘንድ በተለመደው ግምት ከጎን የሚገባ ብርሃን ለሥራ የሚበቃው ከመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ቁመት እስከ ሁለት እጥፍ በሚደርስ ርቀት ውስጥ ነው። በዚህ ስሌት ከእያንዳንዱ ጎን 4.8 ሜትር ያህል ብርሃን ያገኛል፤ በመሐል የሚቀረው 8.4 ሜትር ግን ከወለሉ ግማሽ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። መስኮቱን ወደ ጎን ማስፋት ይህን ርቀት እምብዛም አይለውጠውም፤ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በዋናነት በመስኮቱ የላይኛው ክፍል በኩል ነውና።

የብርሃኑን መጠን ለማወቅ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ በደመና በተሸፈነበት የክረምት ቀን በጠረጴዛ ከፍታ፣ ማለትም በ0.75 ሜትር ላይ፣ ከመስኮቱ እስከ መሐል በየአንድ ሜትሩ መለካት ይቻላል። ጥላ በሌለበት ውጭም በተመሳሳይ ቅጽበት ይለካል። የውስጡ ንባብ ለውጭው ተካፍሎ በመቶኛ ሲገለጽ የቀን ብርሃን ምጣኔ ይባላል። ውጭ 10,000 ሉክስ፣ ውስጥ ደግሞ 100 ሉክስ ቢነበብ ምጣኔው 1 በመቶ ይሆናል። በዚያው ሰማይ ሥር 300 ሉክስ ለማግኘት 3 በመቶ ያስፈልጋል። የአማካይ ምጣኔው ብቻ መጠቀሱ ግን ያሳስታል፤ በመስኮቱ ሥር 6 በመቶ፣ መሐል ላይ 0.3 በመቶ የሆነ ወለል አማካዩ መልካም ሊመስል ይችላል። ለሠራተኛው ችግር የሚሆነው ይኸው ልዩነት ነው። ከወለሉ መሐል ወደ መስኮት የሚመለከት ዓይን ከደማቁ ሰማይ ጋር ስለሚላመድ ጠረጴዛው ከትክክለኛ ብርሃኑ ይልቅ ጨለማ ሆኖ ይታየዋል።

የነጸብራቁ ዋነኛ ምንጭ የሆነውን የፀሐይ ጨረር ለመከላከል የስፍራውን የፀሐይ አቅጣጫ ማወቅ ግድ ይላል። አብርሃ ጅራ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ በእኩለ ቀን አናት ላይ ትውላለች፤ በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት በስተሰሜን በኩል ታልፋለች። በታኅሣሥ 12 ገደማ የእኩለ ቀን ከፍታዋ በስተደቡብ 54 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ በሰኔ 14 ገደማ ደግሞ በስተሰሜን 80 ዲግሪ ያህል ነው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከፍ ባሉ አገሮች የሚሠራው «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኘውም» የሚለው ደንብ እዚህ አይሠራም ማለት ነው።

የደቡቡ መስኮት ቁመት 1.5 ሜትር ስለሆነ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ሙሉ በሙሉ እንዲጠለል 1.1 ሜትር የሚወጣ ታዛ ይበቃዋል። ይሁን እንጂ በፀሐይ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በግድግዳው አንጻር የሚለካው የጥላ ማዕዘን ወደ 45 ዲግሪ ስለሚወርድ የሚያስፈልገው ታዛ 1.5 ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ረጅም ታዛ ደግሞ ሰማዩን ራሱን ይሸፍናል። የተሻለው መንገድ መስኮቱን በ1.9 ሜትር ከፍታ ላይ ለሁለት መክፈል ነው። ከመክፈያው ወደ ውጭ 1 ሜትር የሚወጣ ነጭ የብርሃን መደርደሪያ ይሠራል፤ ከላይኛው ጠርዝ ደግሞ 0.5 ሜትር ታዛ ይወጣል። የታችኛው መስኮት 1 ሜትር፣ የላይኛው 0.5 ሜትር ስለሆነ ሁለቱም እኩል የ45 ዲግሪ ጥላ ያገኛሉ። ከላይኛው ታዛ አልፎ የሚወጣው የመደርደሪያው ግማሽ ፀሐይ ስለሚያርፍበት ብርሃኑን ወደ ኮርኒሱ ይመልሳል። ኮርኒሱ ነጭ ካልሆነ ወይም መደርደሪያው በበጋ አቧራ ከተሸፈነ ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። ከመደርደሪያው ብዙ መጠበቅም ተገቢ አይደለም፤ ዋና ሥራው በመስኮቱ አጠገብ ያለውን ከመጠን ያለፈ ብርሃን ቀንሶ የወለሉን ልዩነት ማጥበብ እንጂ 8.4 ሜትሩን መሐል ማብራት አይደለም።

ምዕራባዊው ጎን ግን በታዛ አይድንም። በኢትዮጵያ የሚሠራበት ሰዓት በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ የተቀመረ ስለሆነ በዚህ ምዕራባዊ ጠረፍ የፀሐይ ሰዓት ከእጅ ሰዓት በግማሽ ሰዓት ገደማ ይዘገያል። በመጋቢት 12 አካባቢ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና 23 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ የሚገባው ጨረር በጠረጴዛ ከፍታ 4 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ እሱን ለማገድ ከ3 ሜትር የሚበልጥ ታዛ ያስፈልጋል። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ደረጃ፣ መጸዳጃና የመዝገብ ክፍል ማድረግ፣ መስኮት የግድ ከሆነም ከግድግዳው ውጭ ቋሚ የጥላ ሰሌዳዎችን ማቆም ይመረጣል። ሰሌዳዎቹ ከውጭ ሲቆሙ ሙቀቱን መስታወቱን ሳያልፍ ያስቀሩታል፤ መስኮቱ ተከፍቶ ንፋስ እንዲገባም ይፈቅዳሉ። የውስጥ መጋረጃ ግን ሙቀቱ ከገባ በኋላ የሚደረግ መከላከያ ነው።

የቀጥታ ፀሐይ ቢከለከልም ነጸብራቅ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ከሁለተኛ ፎቅ የሚታይ አዲስ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይን እንደ መስታወት ይመልሳል፤ በሲሚንቶ የተነጠፈ ግቢም ከአካባቢው ጥቁር ዋልካ አፈር እጅግ የበለጠ ብርሃን ወደ ላይ ይረጫል። እነዚህ ከታች የሚመጡ ስለሆኑ ታዛ አያግዳቸውም፤ ዛፍ ወይም የመስኮቱን ደፍ ከፍ ማድረግ ግን ይረዳል። ምንጩን ለመለየት ቀላል ፍተሻ አለ። በሥራ ቦታው የተቀመጠው ሰው የተጠረጠረውን ደማቅ ነገር በእጁ ሲሸፍን ዓይኑ እፎይ ካለ ምንጩ እሱ ነው። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ በጥቁሩ ስክሪን ላይ መስኮቱ ከታየ ደግሞ ችግሩ የጠረጴዛው አቀማመጥ ስለሆነ ስክሪኑ ከመስኮቱ ጋር ቀጤ ነክ እንዲሆን ይዞራል። ለጥናት የሚበቃ ልኬት ካስፈለገ የነጸብራቅ የመከሰት ዕድልን የሚያሰላው መለኪያ ጥቅም ላይ ይውላል፤ በዚህ መለኪያ ከ0.35 በታች የማይታወቅ፣ ከ0.45 በላይ የማይታገሡት ተብሎ ይመደባል።

የቀረው መሐል በብልሃት እንጂ በመስታወት ብዛት አይፈታም። መተላለፊያ፣ መዝገብ ቤትና የአጭር ጊዜ ስብሰባ ክፍል ወደዚያ ቢዛወሩ ቀኑን ሙሉ የሚሠራባቸው ጠረጴዛዎች በሁለቱ ጎኖች ባለው ብርሃን ይጠቀማሉ። በላይኛው ፎቅ ብርሃን ከጣሪያ ማስገባት ቢቻልም፣ ፀሐይ አናት ላይ በምትውልበት ኬክሮስ አግድም የተዘረጋ ብርሃን አሳላፊ ቆርቆሮ ከብርሃኑ ጋር ሙቀትን ስለሚጨምር፣ ከጣሪያው ከፍ ብሎ ወደ ሰሜን የሚመለከትና የራሱ ታዛ ያለው ቋሚ መስኮት ይሻላል። መፍትሔው መሥራቱ የሚረጋገጠውም በሉክስ ንባብ ብቻ አይደለም፤ መጋረጃዎቹ በጠዋት፣ በቀትርና በ11 ሰዓት በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ፣ መብራት ሲቋረጥም ስንት ሠራተኛ በጠረጴዛው ሥራውን እንደሚቀጥል በመቁጠር ነው።