ሳይሸጥ የሚያድግ ትርፍ

አንድ የጫማ ፋብሪካን በምሳሌነት እንውሰድ። በወሩ 1,000 ጥንድ ጫማ አምርቶ 800ውን በ900 ብር ሸጠ፤ 200 ጥንድ መጋዘን ቀረ። ለአንድ ጥንድ ቆዳ፣ ሶልና የሠራተኛ ክፍያ 500 ብር ይወጣል። የፋብሪካው ኪራይና መሰል ቋሚ የማምረቻ ወጪ በወር 200,000 ብር፣ የሽያጭና የአስተዳደር ወጪ ደግሞ 60,000 ብር ነው።

በተለዋዋጭ ወጪ ስሌት ቋሚው ወጪ ሁሉ በወሩ ይቀነሳል። ከአንድ ጥንድ 400 ብር ይተርፋል፤ በ800 ሲባዛ 320,000 ይሆናል። ከዚህ 260,000 ሲቀነስ ትርፉ 60,000 ብር ነው።

በሙሉ ወጪ ስሌት ግን 200,000ው ለ1,000 ጥንድ ስለሚከፋፈል የአንዱ ጥንድ ወጪ 700 ብር ይሆናል። ከ800 ጥንድ 160,000 ይገኛል፤ 60,000 ሲቀነስ ትርፉ 100,000 ብር ይሆናል።

ማስታረቂያው አጭር ነው፦

በተለዋዋጭ ወጪ ስሌት ትርፍ፦ 60,000
ሲደመር፣ በክምችት ውስጥ የቀረ ቋሚ ወጪ (200 × 200)፦ 40,000
በሙሉ ወጪ ስሌት ትርፍ፦ 100,000

40,000ው ብር ወጪ ሆኖ አልተመዘገበም፤ ካልተሸጡት ጫማዎች ጋር መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ጫማዎቹ ሲሸጡ ከዚያ ወር ትርፍ ላይ ይቀነሳል።

ዓለም አቀፉ የክምችት ሂሳብ ደረጃ (አይ.ኤ.ኤስ 2) ለውጭ ሪፖርት ሙሉ ወጪን ያዛል፤ ቋሚው ወጪ የሚከፋፈለውም በመደበኛ የማምረት አቅም ልክ ነው። ስለዚህ ሽያጭ ባለበት ቆሞ ትርፍ ሲጨምር ካዩ፣ መጀመሪያ የክምችቱን መጠን ይመልከቱ።