የማጣሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ፦ ገዢን በሀቅ ማስቸኮል

የማጣሪያ ሽያጭ ነጋዴው ዳግም የማያስመጣውን ዕቃ ዋጋ ቀንሶ የሚጨርስበት ሽያጭ ነው። በሞባይል አክሰሰሪ ሱቅ ይህ ቶሎ ቶሎ ያጋጥማል፤ ከቨርና ግላስ የሚሠሩት ለአንድ የስልክ ሞዴል ስለሆነ ሞዴሉ ከእጅ ሲወጣ ፈላጊያቸውም ይቀንሳል። ኬብልም ከዚህ አያመልጥም። አፕል በመስከረም 2016 ዓ.ም. ለገበያ ባቀረበው አይፎን 15 ላይ የላይትኒንግን መሰኪያ ትቶ ወደ ታይፕ ሲ ስለተሻገረ፣ የላይትኒንግ ኬብል ከአይፎን ስልኮች የሚሆነው ቀደም ላሉት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ኬብል ለመጨረስ የፈለገ ሱቅ በቴሌግራም ቻናሉ የሚከተለውን ሊጽፍ ይችላል፦

«የማጣሪያ ሽያጭ። የላይትኒንግ ኬብል፣ 1 ሜትር፣ ከአይፎን 5 እስከ አይፎን 14 ላሉት የሚሆን። ለአይፎን 15 እና ከዚያ በኋላ ለወጡት አይሆንም። በአፕል የተሠራ አይደለም። ስንሸጥበት የነበረው ዋጋ 400 ብር፣ አሁን 250 ብር። የቀረው 18 ፍሬ ነው፤ ሲያልቅ ሌላ አናስመጣም። ቅናሹ እስከ ጥር 30 ይቆያል። ሱቅ መጥተው በስልክዎ ሞክረው ይውሰዱ።»

እዚህ ላይ ገዢውን የሚያስቸኩሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የቀረው ብዛት፣ ዕቃው ተመልሶ አለመምጣቱና ቅናሹ የሚያበቃበት ቀን። ሦስቱም እውነት እስከሆኑ ድረስ «ፍጠኑ፣ ሳያመልጥዎ» ማለት አያስፈልግም። ኬብሉ የማይሆነው ሰው ደግሞ ከማስታወቂያው ይረዳዋል፤ በከንቱ አይመላለስም፣ ሱቁም ዕቃ ከመመለስ ጭቅጭቅ ይድናል።

ማስታወቂያው በብዛት የሚበላሸው በነባሩ ዋጋ ላይ ነው። በ300 ብር ሲሸጥ የቆየውን ኬብል «600 ብር የነበረ» ብሎ በ250 ማቅረብ ቅናሹን ከ50 ብር ወደ 350 ብር ያሳብጠዋል። ይህን ደንበኛ በቀላሉ ይደርስበታል፤ ቻናሉን ወደ ኋላ ሲያይ የድሮውን ዋጋ ያገኘዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማቹን ስለ ዋጋ ማሳሳትን ይከለክላል።

ሁለተኛው ብልሽት የሚመጣው ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ነው። 18 የነበረው 5 ሲደርስ ቁጥሩ መታረም፣ ሲያልቅም «አልቋል» ተብሎ መጻፍ አለበት። ጥር 30 አልፎ ኬብል ከተረፈ ዋጋው ወደ 400 ብር ይመለሳል፤ ወይም ሱቁ «7 ፍሬ ስለተረፈ ቅናሹን አራዝመናል» ብሎ ምክንያቱን ይገልጻል። «የመጨረሻ ቀን» የሚለውን በየሳምንቱ የሚደግም ሱቅ ግን በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛ የመጨረሻ ቀን ቢያስታውቅ እንኳ የሚቸኩልለት ገዢ አያገኝም።